ሰሌዳው በሰከንድ ሳይሆን በስዕል ሲቆጠር

ብቻዬን የምሠራው የሦስት ደቂቃ የእጅ ስዕል አኒሜሽን በሦስት ወር እንዲያልቅ የወጣው ሰሌዳ ወደ ኋላ ይጎተት የነበረው ሥራው በሰከንድ እኩል ስለተከፋፈለ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ኖሮ እያንዳንዱ ስዕል ለሁለት ፍሬም ሲቆይ 180 ሰከንዱ ለአንድ ገጸ ባሕርይ እስከ 2,160 ስዕል ይጠይቃል፤ ሸክሙ ግን ከሾት ሾት ይለያያል።

ስለዚህ በሾት ዝርዝሩ ላይ «አዲስ ስዕል» የሚል ዓምድ ጨመርሁ። ሁለት ሰዎች የሚራመዱበት የ4 ሰከንድ ሾት ለእያንዳንዱ ሰው 48፣ በድምሩ 96 ስዕል ሲፈልግ፣ ሴትዮዋ ቆማ ዓይኗን ብቻ የምታርገበግብበት የ6 ሰከንድ ሾት ከ10 አልበለጠም። የመጀመሪያውን ለእያንዳንዱ ሰው በ12 ስዕል በሚደጋገም የእርምጃ ዑደት ስለተካሁት ወደ 24 ወረደ፤ ካሜራው ሲጠጋ ግን ድግግሞሹ ስለሚያስታውቅ፣ ይህ የሚያዋጣው በሩቅ ሾት ነው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ለአኒማቲክ፣ ማለትም በረቂቅ ስዕሎች ለሚሠራው የፊልሙ የጊዜ ንድፍ፣ ሰባት ለስዕል፣ የቀረውን ለቀለምና ለድምፅ መድቤ፣ ሳምንታዊውን ኮታ በስዕል ቁጥር ወሰንሁ።