የቀለበት ልካችሁን ቤት ውስጥ እንዴት ትለካላችሁ?

ብዙ ሰው ጣቱን የሚለካው በክር ነው። ክር ግን ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይላላል። እኔም በክር ለክቼ ያሠራሁት ቀለበት እጄን በታጠብኩ ቁጥር እየወለቀ መከራዬን አሳይቶኛል። ወረቀት ይሻላል።

መጀመሪያ ከወረቀት ቀጥ ያለ ቁራጭ ቁረጡ። ወርዱ ልታሠሩት ካሰባችሁት ቀለበት ወርድ ጋር እኩል ይሁን። ቀለበቱ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወረቀቱም 8 ይሁን። ወርደ ሰፊ ቀለበት ብዙ ሥጋ ስለሚሸፍን፣ ጣት ሲታጠፍ ሥጋው የሚሄድበት ያጣል። በዚያው ልክ የተሠራ ቀጭን ቀለበት የማይጠብቀውን እሱ ይጠብቃል።

ቁራጩን ቀለበቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠቅልሉት። ሳታጠብቁት ገጠም ይበል። የተደራረበበትን በቀጭን እርሳስ ምልክት አድርጉና ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩት። ያገኛችሁት የጣቱ ዙሪያ ነው። ለ3.14 ስታካፍሉት የቀለበቱ ውስጠኛ ስፋት ይመጣል። ከዚያ የጣታችሁን አንጓም ለኩ፤ ቀለበቱ የግድ በእሱ ማለፍ አለበት።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ጣት አንድ ልክ ብቻ የለውም። ሲሞቅ የእጅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ጣትም ያብጣል። ሲበርድ ደግሞ ይከሳል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ለኩ፦ ጠዋት፣ ማታ፣ እና በሙቀት ትንሽ ከተራመዳችሁ በኋላ።

አንዲት ጓደኛዬ 8 ሚሊ ወርድ ያለው ቀለበት ፈልጋ እንዲህ ለካች። ጠዋት 54፣ ማታ 55፣ ከሙቀት ስትመለስ 56.5 ሚሊ ሆነ። አንጓዋ ደግሞ 57.5 ነው። ማታ የለካችውን ብትይዝ ኖሮ ቀን ላይ ጣቷ ይታነቅ ነበር። 57 አለች፤ ለ3.14 ሲካፈል 18.15 ሚሊ ገደማ ነው። ጠዋት ጣቷ ሲከሳ ቀለበቱ ቢላላም አንጓው ይዞ ያስቀረዋል። ቀለበቱ ባለ 2 ሚሊ ቀጭን ቢሆን ከዚህ ትንሽ ያነሰ ልክ በበቃት ነበር። በሰፊ ወረቀት ስለለካች ግን ለወርዱ ብላ ሌላ ብዙ አልጨመረችም። ሁለቴ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው።

አንጓችሁ ከጣታችሁ ሥር በጣም የሚበልጥ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ያዙ።

ከማዘዛችሁ በፊት ወረቀቱን በመረጣችሁት ልክ በፕላስተር አጣብቁትና አጥልቁት። ሲወጣ አንጓ ላይ ትንሽ መያዝ አለበት። እጃችሁን ወደ ታች ስታራግፉ ከወለቀ ሰፍቷል። በሁለቱ ጠርዝ ሥጋ ከወጣ ጠብቧል። ተንግስተን ወይም ሴራሚክ የምታዙ ከሆነ ይህችን ሙከራ በደንብ አድርጓት፤ እነሱ እንደ ወርቅ ወርቅ ሠሪ ጋ ተወስደው አይሰፉም።