አግድም ቪዲዮን ወደ ቁም ስንቀይር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለምሳሌ አንድ ቃለ ምልልስ እንውሰድ። ምስሉ 1920 በ1080 ነው። ጠያቂዋ በግራ፣ እንግዳው በቀኝ ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው ረከቦት አለ፤ ከኋላ ግድግዳው ላይ ክብ ሰዓት ተሰቅሏል። ይህን በኤፍኤፍኤምፔግ 1080 በ1920 እናድርገው።

በቀጥታ `scale=1080:1920` ብሎ ማዘዝ። ወርዱ በግማሽ ገደማ ይጠባል፣ ቁመቱ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ክቡ ሰዓት ቁመቱ የወርዱን ሦስት እጥፍ ያልፋል፤ የሰዎቹም ፊት እንደዚያው። የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የቀድሞው ቅርጽ እንዳይጠፋ ብሎ ፋይሉ ውስጥ `SAR` የሚባል የፒክሴል ቅርጽ ይመዘግባል። ይህን የሚያከብር ማጫወቻ ምስሉን እንደ ድሮው ሰፊ አድርጎ ስለሚያሳይ ኮምፒውተርዎ ላይ ምንም የተበላሸ አይመስልም፤ መዝገቡን የማያነብ ቦታ ሲጫን ግን ሰው ሁሉ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። `ffmpeg -i out.mp4` ብለው ሲያዩ `SAR 256:81` የሚል ካገኙ ምስሉ ተለጥጧል። `SAR 1:1` መሆን አለበት።

መሀሉን ብቻ መቁረጥ። `crop` ቦታ ካልነገሩት ከመሀል ይቆርጣል። ከ1920 ፒክሴል የሚተርፈው 608 ብቻ ስለሆነ በእኛ ቃለ ምልልስ ሁለቱም ሰዎች ይወጡና ረከቦቱ ብቻውን ይቀራል። ጠያቂዋን ለማሳየት ፊቷ ከግራ ጠርዝ ስንት ፒክሴል ላይ እንዳለ ይለኩ። 480 ላይ ከሆነ የ608ን ግማሽ፣ 304ን፣ ይቀንሱ፤ መነሻው 176 ነው፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -vf "crop=608:1080:176:0,scale=1080:1920,setsar=1" -c:a copy out.mp4
```

እዚህ ምስሉ 1.78 ጊዜ ስለሚጎላ ጥራቱ ይቀንሳል። በ4ኬ የተቀረጸ ዋና ፋይል ካለ ከዚያው ይቁረጡ፤ የ`crop`ን ቁጥሮች ብቻ ሁለት እጥፍ ማድረግ ይበቃል።

ምንም ሳይቆርጡ ከላይና ከታች ጥቁር መሙላት። ሁለቱ ሰዎች አብረው መታየት ካለባቸው ብዙዎች የሚሄዱት ወደዚህ ነው። ያኔ ምስሉ ከስልኩ ቁመት አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፤ የሰዎቹ ዓይን አይለይም። እኔ ከሁለቱም ጎን 240 ፒክሴል ቆርጬ፣ የቀረውን አሳንሼ ነው የምሞላው። የእንግዳው ፊት 1440 አካባቢ ስለሆነ ሁለቱም አይነኩም፦

```
-vf "crop=1440:1080:240:0,scale=1080:810,setsar=1,pad=1080:1920:0:400"
```

ምስሉን ልክ መሀል ላይ ማስቀመጥ። መሀል ቢሆን መነሻው 555 ነበር፤ እኔ 400 ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቲክቶክም ሆነ ሪልስ የመለያ ስምና መግለጫውን ከታች ምስሉ ላይ ይደርባሉ፤ የመውደጃና የማጋሪያ ቁልፎቹም በቀኝ ታች ጠርዝ ይደረደራሉ። ከፍ ሲል ከሥሩ 710 ፒክሴል ይተርፋል። የንግግሩን ጽሑፍ ከምስሉ ሥር ወዲያው ያስገቡት፤ ወደ ታችኛው ጠርዝ ካወረዱት መግለጫው ይሸፍነዋል።