ማድያትን እንዴት መቆጣጠር ይቻላል? ከክሬሙ በፊት የሚቀድሙ እርምጃዎች

ለማድያት ክሬም ገዝተው የተቀቡ ሰዎች የሚነግሩን ታሪክ በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቁረቱ ይለቃል፤ ክሬሙ ሲያልቅ ግን እዚያው ቦታ ላይ፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ጠቁሮ ይመለሳል። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ከቆዳው ሥር የሚካሄደውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ። ማድያት በወጣበት ቦታ እነዚህ ሕዋሳት ከሚገባው በላይ ያመርታሉ። የሚያነሣሷቸው ዋና ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ሲሆኑ ሁለተኛው ብርሃን ነው። በእርግዝና ወቅት፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ሁለቱም ሆርሞኖች በእጅጉ ስለሚጨምሩ ሕዋሳቱ ለብርሃን ያላቸው ስሜት ከፍ ይላል። በቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌም ስላለ እናቷ ወይም እኅቷ ማድያት የነበረባት ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች። ወንዶችም ቢሆኑ አያመልጡም፤ ከሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ ግን ጥቂት ናቸው።

በመጀመሪያ ማድያት መሆኑን ማረጋገጥ። ማድያት በሁለቱም ጉንጮች ላይ ተመሳስሎ፣ እንዲሁም በግንባር፣ በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር በላይ የሚወጣ ቡናማ ጥላ ነው። አያሳክክም፣ አያምም፣ አይልጥም። በአንድ ወገን ብቻ የወጣ፣ ከቆዳው ከፍ ያለ፣ የሚደማ ወይም ቅርጹን የሚለውጥ ጥቁረት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ምንም ከመቀባት በፊት ለቆዳ ሐኪም ማሳየት ይገባል። ብጉር ጥሎት የሚሄደው ጠባሳም ከማድያት ጋር ይምታታል፤ እርሱ ብጉሩ በነበረበት ነጥብ ላይ ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ የሆርሞኑን ምንጭ መፈለግ። ማድያቱ በእርግዝና የመጣ ከሆነ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በብዙ ሴቶች ላይ በራሱ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በእርግዝና ላይ እያሉ በጠንካራ ክሬም መታገል አያስፈልግም። ጥቁረትን ለማደብዘዝ ከሚታዘዙት ክሬሞች ሃይድሮኪኖን የተባለው በቆዳ በኩል ወደ ደም በብዛት ስለሚገባ፣ ትሬቲኖይን የተባለው ደግሞ ለጥንቃቄ ሲባል፣ ነፍሰ ጡር ሴት እንድትጠቀምባቸው አይመከርም። ከወሊድ በኋላ የሚወሰድ፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ማድያቱን መልሶ ሊያስነሣው ይችላል። እንክብሉን በራስ ውሳኔ ከማቋረጥ ይልቅ ሆርሞን የሌለበት ሉፕ ወይም ሌላ አማራጭ ይስማማ እንደሆነ ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ብርሃኑን መከላከል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗም በላይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው። «ዛሬ ደመና ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ደመና ሙቀቱን እንጂ ጨረሩን በሙሉ አያስቀርም። የመኪናና የቤት መስኮት መስታወት ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥለውን ጨረር ቢያስቀርም ቆዳን የሚያጠቁረውን በአመዛኙ ያሳልፋል።

በዚህ ላይ ማድያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም። በዓይናችን የምናየው የቀን ብርሃን፣ በተለይም ሰማያዊው ክፍሉ፣ እንደ እኛ ባለ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጥቁረት ያመጣል። ቀለም የሌለው የተለመደው የፀሐይ መከላከያ ይህን ብርሃን አይመክትም። የሚመክተው አይረን ኦክሳይድ የተባለው ቡናማ የማዕድን ቀለም ያለበት ሲሆን በማሸጊያው ላይ 77491፣ 77492 ወይም 77499 የሚሉት ቁጥሮች ከተዘረዘሩ አለበት ማለት ነው። ከቆዳ ቀለም ጋር የሚሄድ ካልተገኘ ተራ የፀሐይ መከላከያ ተቀብቶ እስኪደርቅ ከተጠበቀ በኋላ እነዚሁ ቁጥሮች ያሉበትን ፋውንዴሽን ከላይ መደረብ ይቻላል።

ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። መጠኑም ወሳኝ ነው፤ ለፊትና ለአንገት በጠቋሚና በመሀል ጣት ርዝመት ልክ ሁለት መስመር ይወጣል። እንደ ቅባት ጥቂት ነካ አድርጎ ማሸት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መከላከያ አይሰጥም። ውጭ ሲውሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል፤ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ከታከለበት ደግሞ ከየትኛውም ክሬም የሚተናነስ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ክሬሙ ይመጣል። ሃይድሮኪኖን የሜላኒኑን ምርት ያቀዘቅዛል እንጂ የሚያነሣሣውን ብርሃን አያስቀርም። ማታ ተቀብቶ ጠዋት ያለ መከላከያ ፀሐይ ላይ መውጣት ማለት በሌሊት የተቀነሰውን በቀን መልሶ መሙላት ነው። ከዚህም ሌላ ቀለሙ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል የወረደ ከሆነ ክሬሙ በቀላሉ አይደርስበትም። ሐኪም ሃይድሮኪኖን ካዘዘ ብዙውን ጊዜ 4 በመቶው ማታ ማታ ለጥቂት ወራት ተወስዶ ይቋረጣል፤ ለዓመታት ከተቀቡት ቆዳውን ሰማያዊ አዝሎ ሊያጠቁረው ይችላል፤ ያ ጥቁረት ከማድያቱ ይልቅ ለማከም አስቸጋሪ ነው።

በየኮስሞቲክሱ ሱቅ የሚሸጠው ቅልቅል ክሬም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት ፊትን የሚያፈካ ክሬም ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ይገኝበታል፤ ሜርኩሪ የተጨመረበትም አለ፤ ሜርኩሪው ኩላሊትን ይጎዳል።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት መምህርት እናስብ። በሁለተኛ ልጇ እርግዝና ሰባተኛ ወር ላይ በሁለቱ ጉንጮቿ ማድያት ወጣባት። ከወለደች በኋላ ደብዝዞ ሳለ የወሊድ መከላከያ እንክብል ስትጀምር ተመለሰ። ቅልቅል ክሬም ገዛች፤ በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ ፈካ፤ በሁለተኛው ወር ግን ቀላ፣ ደም ሥሮች ታዩ፣ ብጉር ወጣ፤ ለማቆም ስትሞክርም ማድያቱ ጠቁሮ ተመለሰ። እንዲህ ላለች ሴት ሐኪም በመጀመሪያ የሚያደርገው ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ ማስተው ነው፤ በአንድ ጊዜ መተው ቆዳውን ያስቆጣዋልና። ቀጥሎ እንክብሉን በሉፕ መለወጥ ይቻል እንደሆነ ይታያል፤ ባለ ቀለሙ የፀሐይ መከላከያም ወዲያው ይጀመራል። የቆዳው መቅላት ሲበርድ፣ ምናልባት ከወር በኋላ፣ ለምታጠባ እናትም የሚፈቀደው አዜላይክ አሲድ የተባለው ማድያትን የሚያደበዝዝ ክሬም ይታከላል። ክሬሙ ሲጀመር ቢለበልብና ፊቷ ቢቀላ በየሁለት ቀኑ ማድረግ ይሻላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቆጣት ራሱ ጥቁረት ይተዋል።

ለውጡን በመስታወት መከታተል ያታልላል። በየአራት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ መስኮት አጠገብ ፎቶ ማንሣት ይበጃል። በስምንተኛው ሳምንት ጠርዙ መደብዘዝ ካልጀመረ ክሬሙን ከመቀየር በፊት የመከላከያው መጠን፣ አይረን ኦክሳይዱና የድግግሞሹ ነገር ይመርመር። ሦስት ወር ሙሉ በደንብ ተሠርቶም ለውጥ ከሌለ ሐኪሙ ሌላ ሕክምና ያስባል። ሌዘር በጥቁር ቆዳ ላይ ማድያትን ሊያባብስ ስለሚችል የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ማድያቱ ከለቀቀም በኋላ ክሬሙ ይቆማል፤ የፀሐይ መከላከያው ግን ይቀጥላል፤ ሕዋሳቱ በቦታቸው ስላሉ አንድ የበጋ ወር ያለ መከላከያ መዋል ሊመልሰው ይችላል።