ሥራ የሚለቀው የሱቅ ኃላፊ የጻፈውን የርክክብ ማስታወሻ ማደራጀት

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ኖሮት ራሱ በውጭ አገር የሚኖር ሰው፣ ሱቁን የሚመራለት ሰው ሥራ ሲለቅ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም የተላከ የደብተር ገጽ ፎቶ ነው። ጸሐፊው ትዝ እንዳለው ስለሚጽፍ የዕቃው፣ የአቅራቢው፣ የዕዳውና የዕለት ሥራው ጉዳይ ተደባልቆ ይገኛል። ተተኪው በዚሁ ገጽ ሥራ እንዲጀምር ከማድረግ ይልቅ፣ ነባሩ ኃላፊ ገና ሳይሄድ ማስታወሻውን በአራት ክፍል መልሶ መጻፍ ይሻላል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ካለ ሱቅ ተላከ ብለን የምናስበውን ይህን ማስታወሻ እንመልከት፦

«ዘይት 5 ጀሪካን አለ። ከደሴው ነጋዴ 8 አምጥተን 15 ሺህ ይቀረዋል፣ ከበዓል በኋላ ተባብለናል። 6 ሳጥን ባዶ ጠርሙስ የለስላሳው አከፋፋይ ነው። የሰይድ እናት 850። እሑድ የባቲ ሰዎች ስለሚመጡ በጊዜ ይከፈት።»

በመጀመሪያ ዋናውን ፎቶ ሳይነኩ ያስቀምጡና ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቁጥር ይስጡ። ወደ አራቱ ክፍሎች ሲያዛውሩ የጸሐፊውን ቃል እንዳለ ይገልብጡ፤ ግልጽ ያልሆነውን በራስዎ ግምት አይሙሉ፤ ከጎኑ ጥያቄ ይጻፉበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ክፍል የሚነካ ከሆነ በሁለቱም ይግባ፤ የገንዘቡ መጠን ግን በዕዳው ክፍል ብቻ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ያው ዕዳ ሁለት ጊዜ ይደመራል።

ዕቃው ክፍል የሚገባው 5 ጀሪካን ዘይት ነው። ጀሪካኑ ባለ 5 ሊትር ይሁን ባለ 20 አልተጻፈም፤ የተከፈተ መኖሩም አይታወቅም። ሱቁ በየቀኑ ስለሚሸጥ ቆጠራው የተደረገበት ቀን ካልተጻፈ ቁጥሩ ለተተኪው አያገለግልም።

ባዶዎቹ ሳጥኖች ዕቃ ይመስላሉ፤ ቦታቸው ግን የአቅራቢዎች ክፍል ነው። ሱቁ ለሳጥንና ለጠርሙስ ማስያዣ ከፍሎ ከሆነ፣ ባዶው ሲመለስ ገንዘቡ የሱቁ ነው። አከፋፋዩ በእምነት አውሶ ከሆነ ደግሞ ሱቁ 6 ሳጥን መመለስ አለበት። «የለስላሳው አከፋፋይ ነው» የሚለው ቃል ሁለተኛውን ያሳያል፤ ሆኖም የማስያዣ ደረሰኝ መኖር አለመኖሩን ኃላፊውን መጠየቅ ያስፈልጋል። የደሴው ነጋዴም እዚሁ ክፍል ከነስልኩ፣ ዕቃ ከሚያመጣበት ቀንና በዱቤ ከሚሰጠው መጠን ጋር ይመዝገብ።

ብዙ ትኩረት የሚሻው የዕዳ ክፍል ነው። የሚከፈለውንና የሚሰበሰበውን በተለያየ ገጽ ይጻፉ፦ የነጋዴው 15,000 ብር በሚከፈለው፣ የሰይድ እናት 850 ብር በሚሰበሰበው። «ከበዓል በኋላ» የሚለው ቀጠሮ ወሎ ውስጥ አረፋም ሊሆን ይችላል፣ ጥምቀትም፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፍለት። ለራስዎ የፈረንጁን ቀን ከጎኑ ማስቀመጥ ይችላሉ። «የሰይድ እናት»ም እንዲሁ ነው፤ ሰይድ የሚባል በየሰፈሩ ስላለ፣ የሴትየዋ ሙሉ ስም፣ ሰፈሯ፣ ዱቤው የተጀመረበት ቀንና እስካሁን የከፈለችው ካልታወቀ ተተኪው ሌላ እናት ደጅ ሄዶ ሊያሳፍርዎት ይችላል። ይህ ገጽ የሰው ገመና ስለሆነ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ ለተተኪው፣ ለእርስዎና ርክክቡን ለሚመሰክረው የታመነ ዘመድ ብቻ ይሁን።

የዕለት ሥራው አጭር ነው፤ ምክንያቱ ግን አብሮ ይጻፍ። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሚውል ነጋዴዎቹ ዋዜማውን ዕቃ ሊገዙ ይመጣሉ፤ ይህን ያላወቀ ተተኪ እሑድን እንደ ዕረፍት ቆጥሮ ሊያረፍድ ይችላል። «በጊዜ» የሚለውንም «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብለው በአገር ቤት አቆጣጠር ያስቀምጡት፤ በውጭ አቆጣጠር 7 ሰዓት ብለው ከጻፉ አገር ቤት ያለው ሰው ከቀትር በኋላ ብሎ ይረዳዋል።

በየክፍሉ የተጻፉትን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ሰብስበው ኃላፊው ሳይሰናበት በስልክ አንድ በአንድ ይጠይቁት፤ መልሱንም ከዓረፍተ ነገሩ ቁጥር ጋር ይመዝግቡ። ነጋዴውንና አከፋፋዩን ደግሞ ራስዎ ደውለው ቀሪ ሒሳቡን ያረጋግጡ፤ ኃላፊው 15,000 ነጋዴው 18,000 ካለ ልዩነቱ በደረሰኝ የሚጣራው ሁለቱም በሚገኙበት ጊዜ ነውና። በመጨረሻ ነባሩና አዲሱ ኃላፊ አንድ የታመነ ዘመድ ባለበት ዕቃውን አብረው ይቁጠሩ፤ ልዩነት ከተገኘ አሮጌው ቁጥር ሳይሰረዝ ከጎኑ ይጻፍ፤ ሦስቱም በአራቱም ክፍሎች ገጾች ላይ ይፈርሙና አንዱ ቅጂ ሱቁ ውስጥ፣ አንዱ ዘመዱ ዘንድ ይቀመጥ፣ የሦስተኛው ፎቶ ለእርስዎ ይላክ።