ሰብስክሪፕሽን ከሰረዛችሁ በኋላም ካርዳችሁ ከተቆረጠ፦ ለባንኩ የሚጻፈው ደብዳቤ

አሜሪካ እንደገባችሁ በየወሩ ከካርድ የሚቆረጥ ነገር ሳታስቡት ይበዛል። ስልክ መደወያው፣ ፊልሙ፣ ጂሙ፣ እንግሊዝኛ ማስተማሪያው። መመዝገቡ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዳንዱ ድርጅት ከሰረዛችሁት በኋላም መቁረጡን ሲቀጥል ነው።

እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ ነጋዴ ሂሳብ ቢያዛባባችሁ ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ ትነጋገራላችሁ። ካልሆነም ጎረቤቱ ያስታርቃል። እዚያ ግን የምትሄዱበት ሱቅ የለም። ገንዘባችሁን የሚያስመልስላችሁ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ነው። ባንኩ ደግሞ የሚሠራው በጽሑፍ በሰጣችሁት ነገር ነው።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በ2025 ይህ ገጥሟት ደብዳቤውን በስልክ እየተነጋገርን አብረን ነው የጻፍነው። እሷ እዚያ፣ እኔ ጅማ። እናቷ ቆጪ ሰፈር ነው የሚኖሩት። እሳቸው ጋ ለመደወል በወር 14.99 ዶላር የሚቆርጥ መደወያ አፕ ነበራት። እናትየው ኢሞ ሲለምዱ አፑ አላስፈለገም። ፌብሩዋሪ 9 ሰረዘችው። «ሰርዘናል፣ እስከ ፌብሩዋሪ 20 መጠቀም ትችያለሽ» የሚል ኢሜይልም መጣላት። ሜይ 5 ላይ ስቴትመንቷን፣ ማለትም የካርዷን ወርሃዊ የሂሳብ ዝርዝር፣ ስታይ ግን ፌብሩዋሪ 21፣ ማርች 21 እና ኤፕሪል 21 ተቆርጧል። በድምሩ 44.97 ዶላር።

መጀመሪያ ያደረገችው ጥሩ ነገር «ይህን ድርጅት አላውቀውም» አለማለቷ ነው። ስቴትመንቱ ላይ የወጣው ስም የአፑ ስም አልነበረም፣ የባለቤቱ ኩባንያ ስም ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ለባንኩ ደውሎ «ተሰርቄአለሁ» ይላል። ባንኩም እንደ ስርቆት ይመዘግብና ካርዱን ይዘጋል። ከዚያ ድርጅቱ የተመዘገባችሁበትን ቀንና ኢሜይል ያቀርባል። «እሷው ናት የተመዘገበችው» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ጉዳዩ እዚያው ይወድቃል። የእናንተ ጉዳይ ስርቆት አይደለም። ፈቅዳችሁ የነበረውን ፈቃድ አንስታችኋል፣ እሱ ግን መቁረጡን ቀጥሏል። በባንኩ አፕ ዲስፒዩት፣ ማለትም ክፍያውን የመቃወሚያ ጥያቄ፣ ስትከፍቱም ምክንያት ምረጡ ሲላችሁ ከስርቆቱ ሳይሆን ከተሰረዘው ሰብስክሪፕሽን ጎን ያለውን ምረጡ።

ካርዱን ማስቀየርም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ቪዛም ማስተርካርድም አዲሱን የካርድ ቁጥር በየወሩ ለሚቆርጡ ድርጅቶች የሚያስተላልፉበት አሠራር አላቸው። እንደ መብራትና ስልክ ያለ ክፍያ እንዳይቋረጥ ይጠቅማል። የማትፈልጉት ድርጅትም ግን በዚያው መንገድ ይከተላችኋል። አፑን ከስልክ ማጥፋትም መሰረዝ አይደለም። ክፍያው በአፕል ወይም በጉግል በኩል የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሚሰረዘው እዚያው ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለክሬዲት ካርድ የሚሠራው ከ1974 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ነው። ስህተቱ መጀመሪያ የወጣበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣችኋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደብዳቤው ባንኩ እጅ መግባት አለበት። ፖስታ ቤት መግባቱ አይበቃም። እያንዳንዱ ቻርጅም የራሱ ቆጠራ አለው።

የአክስቴ ልጅ ስቴትመንት በየወሩ 27 ይወጣል። የፌብሩዋሪው 60 ቀን ኤፕሪል 28 አለቀ። ሜይ 5 ስታየው አልፏል። የማርቹ ግን እስከ ሜይ 26 ጊዜ አለው። የኤፕሪሉም ገና ነው። ያለፈውስ ይቅር? አይቅር። የቪዛና የማስተርካርድ የራሳቸው ደንብ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ በአብዛኛው 120 ቀን ይሰጣል። ባንኩ በሕጉ ባይገደድም በዚያ መንገድ ሊያስመልሰው ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም በደብዳቤው ጻፈች።

ከመጻፋችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ነበረኝ። አፑ እናትየው ስልክ ላይም ነበር። ከተሰረዘ በኋላ ማንም አልተጠቀመበትም? ድርጅቱ ለባንኩ መልስ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚያወጣው የአጠቃቀም መዝገብ ነው። «ሰረዝኩ ትላለች፣ ግን እየደወለች ነበር» ይላል። ታናሽ ወንድሟን ጠየቅነው። «እኔ ደውያለሁ፣ ሂሳብ አለው ብዬ ነው። የካቲት 5» አለ።

የካቲት 5 ማለት በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ነው። የካቲትን ዝም ብሎ ፌብሩዋሪ ብሎ የሚጽፍ ሰው ፌብሩዋሪ 5 ይለው ነበር፣ ያ ደግሞ ከመሰረዟ በፊት ይሆናል። ድርጅቱ ትክክለኛውን ቀን ሲያወጣ እሷ የዋሸች ትመስላለች። ፌብሩዋሪ 12 እንደሆነ ስናውቅ ግን ጉዳዩ እንደማይበላሽ ገባን። እስከ ፌብሩዋሪ 20 ያለው ጊዜ በጃንዋሪው ክፍያ የተከፈለበት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደወለም። ስለዚህ አልደበቅነውም፣ ደብዳቤው ውስጥ አስገባነው። ድርጅቱ እንደ ማስረጃ የሚያወጣውን ነገር እናንተ ቀድማችሁ ከነምክንያቱ ከነገራችሁ ጉልበት ያጣል።

እናንተም ቤተሰብ ጋ ደውላችሁ ይህን አጣሩ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነገሯችሁ መልሱት። ደብዳቤው ላይ ደግሞ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፉት፣ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ስለሚያስቀድሙ 3/4 ብትሉ እነሱ ማርች 4 ብለው ነው የሚያነቡት።

ደብዳቤው እንግሊዝኛ ነው የሚሆነው። ይዘቱ ግን ይህን ይመስል ነበር፦

> ሜይ 8፣ 2025
>
> የመጨረሻ 4 ቁጥሩ … በሆነው ካርዴ ላይ ስላለ የሂሳብ ስህተት እጽፋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ሦስት ክፍያዎች የተቆረጡት ሰብስክሪፕሽኑን ከሰረዝኩ በኋላ ነው፦ ፌብሩዋሪ 21፣ ማርች 21 እና ኤፕሪል 21፣ 2025፤ እያንዳንዳቸው 14.99 ዶላር፣ በድምሩ 44.97 ዶላር።
>
> ሰብስክሪፕሽኑን የሰረዝኩት ፌብሩዋሪ 9፣ 2025 ነው። ድርጅቱ በዚያው ቀን በኢሜይል አረጋግጦልኛል፤ ኮፒው ተያይዟል። በዚያው ኢሜይል መሠረት አገልግሎቱ እስከ ፌብሩዋሪ 20 የተከፈለበት ነበር። ፌብሩዋሪ 12 ላይ አንድ ጥሪ ተደርጓል፤ ይህ በተከፈለበት ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱን አልተጠቀምኩም።
>
> ሜይ 6 ድርጅቱን በኢሜይል ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፤ ኮፒው ተያይዟል። ክፍያዎቹ እንዲመለሱልኝ፣ በነሱ ምክንያት የመጣ ወለድ ካለ እንዲነሣ፣ እንዲሁም ይህ ድርጅት ከካርዴ እንዳይቆርጥ እንዲታገድ እጠይቃለሁ።

ከላይ ሙሉ ስምና አድራሻ አለ። የካርድ ቁጥሩን ሙሉውን ጻፉት፣ እዚህ ነው ያሳጠርኩት። «አጭበረበሩኝ፣ ሌቦች ናቸው» የሚል ነገር የለበትም። ንዴቱ ይገባኛል፣ ግን የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ቀኑን፣ ብሩንና ምክንያቱን ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ኦርጅናል አትላኩ፣ ኮፒ ይበቃል።

የመሰረዣ ኢሜይል ከሌላችሁ ከመሰረዣው ገጽ ያነሣችሁትን ስክሪንሾት፣ ከድርጅቱ ጋር የተጻጻፋችሁትን ቻት አያይዙ። ምንም ከሌለ ዛሬውኑ ለድርጅቱ «በዚህ ቀን ሰርዣለሁ፣ ከካርዴ እንድትቆርጡ የሰጠሁትን ፈቃድ አንስቻለሁ» ብላችሁ በኢሜይል ጻፉ። ቢያንስ ከዛሬ ወዲያ ያለው ማስረጃ ይኖረዋል።

አድራሻው ላይ ተጠንቀቁ። ስቴትመንቱ ላይ ሁለት አድራሻ ይኖራል። አንዱ ክፍያ የሚላክበት ነው፣ እዚያ አትላኩ። ሌላው ብዙ ጊዜ Billing Inquiries ተብሎ ይጻፋል፣ የእናንተ እሱ ነው። በሰርቲፋይድ ሜይል፣ መድረሱን የሚያረጋግጥ ፊርማ ተመልሶ እንዲመጣላችሁ አድርጋችሁ ላኩት። የእሷ ሜይ 12 ደረሰ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ ተመለሰላት። በስልክ ብቻ መናገር በሕጉ የተሰጣችሁን መብት አያስጠብቅም። በኦንላይን መላክ የሚበቃው ባንኩ ራሱ በጽሑፍ ዲስፒዩት በዚያ መንገድ እቀበላለሁ ካለ ነው። እኔ ሁለቱንም ብታደርጉ እመርጣለሁ፣ ኦንላይኑ ለፍጥነት፣ ፖስታው ለመብት።

ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ መድረሱን በጽሑፍ ይነግራችኋል። ጉዳዩን ደግሞ በሁለት የሂሳብ ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን መጨረስ አለበት። እስከዚያ ያልከፈላችሁት ከሆነ የተከራከራችሁበትን ብር አለመክፈል ትችላላችሁ፣ ባንኩም ለዚያ ብር አልከፈለም ብሎ ክሬዲታችሁን፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪካችሁን፣ ማበላሸት አይችልም። የቀረውን ሂሳብ ግን በጊዜው ክፈሉ። ለ45 ዶላር ብላችሁ ሙሉውን ስቴትመንት ብታቆሙ ክሬዲታችሁ በራሳችሁ እጅ ይወርዳል።

ካርዱ ዲቢት ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፣ ገንዘቡም ከአካውንታችሁ ወጥቷል። እዚህ መጀመሪያ ደውሉ፣ ባንኩ ከጠየቀ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጡ። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ማጣራት ካልቻለ በአብዛኛው ገንዘቡን ለጊዜው መልሶላችሁ ነው ምርመራውን የሚቀጥለው። ገና አዲስ አካውንት ከሆነ ይህ ጊዜ ይረዝማል። የሚቀጥለውን ወር ለማስቆም ደግሞ ከመቁረጫው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድማችሁ ክፍያው እንዲቆም እዘዙ።

የአክስቴ ልጅ ጉዳይ በደብዳቤው ብቻ አላለቀም። ሜይ 21 ድርጅቱ እንደገና ቆረጠ። «አሁን እኮ ባንኩ ያውቃል፣ ምን አስጻፈኝ» አለችኝ። ይህ ግን አዲስ ቻርጅ ነው፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ውስጥ የለም። ባንኩ የሰጣትን የጉዳይ ቁጥር ጠቅሳ አራት መስመር ጽፋ በዚያው አድራሻ ላከች። ጁላይ ላይ የባንኩ መልስ መጣ። ድርጅቱ ሙሉ የጥሪ መዝገብ ልኮ ነበር፣ የመጨረሻው ጥሪ ፌብሩዋሪ 12 ነው። አራቱም ክፍያ፣ 59.96 ዶላር፣ ተመለሰላት።

መልሱ «አይመለስም» የሚል ቢሆን ኖሮ ባንኩ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት ነበረበት፣ ከጠየቀችም የተመሠረተበትን ሰነድ ኮፒ። እናንተ ላይ እንዲያ ከሆነ ሰነዱን ጠይቁ። የሰረዛችሁበት ቀን መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ወይም የሌላ ሰው አካውንት ከሆነ ያንን ጠቅሳችሁ በድጋሚ ጻፉ።