ያመረቀዘ ቁስል ሴፕሲስ መሆኑን ቤት ውስጥ እንዴት መለየት ይቻላል

«ግፊትዎ እኮ ዛሬ በጣም ጥሩ ነው፤ 110 በ70።»

አጎቴ ይህን የተባሉት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ቦርከና ዳር ካለው ማሳቸው ሲመለሱ ቁርጭምጭሚታቸውን ሽቦ ጭሯቸው ነበር። እግራቸው አበጠ፣ ትኩሳት ያዛቸው፣ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር። የስኳርም የግፊትም ሕመምተኛ ናቸው። ክሊኒኩ እንደ ልማዱ ታይፎይድና ታይፈስ መረመረ፣ ዳይክሎፍናክ ወጋቸው፣ አሞክሳሲሊን ሰጥቶ ሸኛቸው። ቤተሰቡም «አልሀምዱሊላህ፣ ግፊቱ ወርዶላቸዋል» ብሎ ተደሰተ።

ግን የአጎቴ ግፊት በኪኒንም ቢሆን ከ150 ወርዶ አያውቅም። ትኩሳት ላለበትና ሁልጊዜ 150 ለሚለካ ሰው 110 ጥሩ ዜና አይደለም፤ ሰውነት መላላት መጀመሩ ነው።

እኔ ደሴ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ልጃቸው ደወለችልኝ። «አባ ይቀባጥራሉ፤ የሞተውን ወንድማቸውን ይጠራሉ» አለችኝ። በስልክ ያስደረግኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ለአዋቂ ሰው ብቻ ነው፤ የሕፃናት ቁጥር ሌላ ነው።

አስቀድሞ፣ ግፊቱ ለምን ይወርዳል?

ሴፕሲስ ብዙ ሰው «ደም ተመረዘ» የሚለው ነው። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ደም ተመርምሮ ጀርም የማይገኝበት ሴፕሲስ ብዙ ነው። ጉዳቱን በዋናነት የሚያደርሰው ሰውነት ለጀርሙ የሚሰጠው ልክ ያለፈ ምላሽ ነው።

ጤናማውን ምላሽ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ነጭ የደም ሴሎች ጀርሙን ሲያገኙ የማንቂያ ኬሚካል ይረጫሉ። በዚያ ቦታ ያሉ ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ትንሽ ይከፈታል። ተጨማሪ ነጭ ሴልና ፈሳሽ ወደ ቁስሉ የሚገባው እንዲህ ነው። ጣት ላይ ሲሆን ጠቃሚ ነው።

በሴፕሲስ ጊዜ ግን ይኸው ነገር በመላው አካል ላይ ባንድ ጊዜ ይሆናል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት ይመረትና የደም ስር ጡንቻዎችን ያላላቸዋል። ያው 5 ሊትር ደም አሁን በሰፊ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ግድግዳው ስለሚያፈስ የደሙ ውሃ ወደ ሥጋ ይወጣል። ደሴ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ መስመሩ ሲያፈስና ግፊቱ ሲቀንስ ዳገት ላይ ያሉት ቤቶች ቧንቧ ነው ቀድሞ የሚደርቀው። በሰውነት ውስጥ ዳገቱ ላይ ያሉት ኩላሊትና አንጎል ናቸው። ያለ በቂ ግፊት ኩላሊት ደም ማጣራት አይችልም።

ልብ ይህን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ለጥቂት ሰዓት ይሳካለታል፤ የግፊት መለኪያው «ደህና ነው» የሚለውም በዚያ ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ግፊት ቢስተካከል እንኳ ሁሉም ነገር አይስተካከልም። በቀጫጭን ደም ስሮች ውስጥ ጥቃቅን የደም መርጋት ይፈጠራል። ሴሎቹም ራሳቸው የደረሳቸውን ኦክስጅን በደንብ መጠቀም ያቅታቸዋል። አካላት የሚደክሙት በነዚህም ምክንያት ጭምር ነው።

1. ትንፋሽ ቁጠሩ

የሰውየውን እጅ ያዙ፣ የልብ ምት የምትቆጥሩ ምሰሉ። ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይቀይራል። ከዚያ ሆድና ደረት ሲነሳ እያያችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል።

እረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። 22 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አሳሳቢ ነው። ልጅቱ 28 ቆጠረች። ሳንባቸው ጤነኛ ነው፣ አያስሉም። ታዲያ ለምን? ደም ያነሰው ሥጋ አሲድ ያመነጫል፤ ሳንባ ያን አሲድ ለመቀነስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቶሎ ቶሎ ያስወጣል። ለዚህ ነው ትንፋሽ ብዙ ጊዜ ከግፊት ቀድሞ የሚናገረው። መለኪያ መሣሪያም አይፈልግም።

2. አነጋግሯቸው

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? እኔ ማን ነኝ?» በሏቸው። የሚቀባጥር፣ የሚደነዝዝ ወይም እያወራ የሚያንቀላፋ ሰው አንጎሉ ተነክቷል። ሽማግሌ ላይ ይህ ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። «ምች መቶት ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽለት የሚያድር ሰው አጋጥሞኛል። ዳማከሴው አልጎዳውም፤ ሌሊቱ ግን በከንቱ አለፈ።

ትኩሳት የለም ብላችሁ አትረጋጉ። ከ36 ዲግሪ በታች የወረደ ሙቀት ከ39 የባሰ ምልክት ሊሆን ይችላል።

3. ጣት ተጫኑ

የጣታቸውን ጫፍ በሥጋው በኩል 10 ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁ። ቀለሙ በ3 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ከዘገየ ደም ወደ ጫፍ እየደረሰ አይደለም። ጥፍር ላይ እንሶስላ ካለ ምንም አይታይምና በሥጋው በኩል ይሁን። ሌላው ስህተት ብርድ ነው። በደሴ ሌሊት የጤነኛ ሰው ጣትም ሊዘገይ ስለሚችል መጀመሪያ እጃቸውን በእጃችሁ አሙቁት።

በተቃራኒው፣ የሞቀ እጅ ነጻ አያወጣም። መጀመሪያ ላይ ደም ስሩ ስለሰፋ እጅ እንዲያውም ይሞቃል። አጎቴ እጃቸው ሙቅ ነበር፤ ጉልበታቸው ግን በረዶ። የጉልበታቸው ቆዳ ቀለም ተቀይሮ እንደሆነ ስጠይቃት ልጅቱ «ባትሪ አብርቼ ባየውም ቆዳው ላይ ምንም አይታየኝም» አለችኝ። በጠቆረ ቆዳ ላይ መዳሰስ ከማየት ይሻላል።

4. ስለ ሽንት ጠይቁ

መጨረሻ የሸኑት መቼ ነው? ከጠዋት ጀምሮ ያልሸና፣ ወይም እንደ ጠቆረ ሻይ ያለ ጥቂት ሽንት የሸና ሰው ኩላሊቱ ደም አጥቷል። አጎቴ ካለፈው ሌሊት ጀምሮ አልሸኑም።

ዳይክሎፍናክ እዚህ ጋ ነው የሚጎዳው። ግፊት ሲወርድ ኩላሊት የራሱን መግቢያ ስር ከፍቶ ደም የሚያገኝበት መላ አለው። ዳይክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ይህን መላ ይዘጉበታል። ለትኩሳት ከተፈለገ ፓራሲታሞል ይሁን።

5. ኪኒኑን አቁሙ፣ መኪና ጥሩ

ኢንፌክሽን ካለና ከላይ ካሉት አንዱ እንኳ ከታየ እስኪነጋ አትጠብቁ። ያን ማታ የግፊት ኪኒን አትስጡ። ቤት ያለውን ፀረ ተሕዋስያን እጥፍ አድርጋችሁ አታውጡ፤ አንጀትም ደም ስላነሰው የተዋጠውን በደንብ አይቀበልም። መድኃኒቱ በደም ስር መግባት አለበት።

«ክሊኒክ ሄደን ግሉኮስ እናሰካላቸው» የሚለውም ይቅር። ግሉኮስ የምንለው ፈሳሽ ውሃው ከደም ስር ቶሎ ይወጣል። ለዚህ የሚሆነው ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ነው፤ እሱም ብቻውን አይበቃም።

ባጃጅ ውስጥ አታስቀምጧቸው። አስተኝታችሁ እግራቸውን ከፍ አድርጉ፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ብቻ ደገፍ ይበሉ። የሚውጡትን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። በር ላይ ሦስት ነገር ተናገሩ፦ ቁስሉ የት እንዳለ፣ የወትሮ ግፊታቸው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሸኑ። «ሴፕሲስ ይሆን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አይቆጣም፤ ቢቆጣም ጠይቁ።

6. ሆስፒታል ውስጥ ምን ይሆናል?

አጎቴ በሚኒባስ የሀረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲደርሱ ግፊታቸው 88 በ50 ነበር። እኛ አማካዩን ነው የምናየው። የታችኛውን ሁለት ጊዜ፣ የላይኛውን አንድ ጊዜ ደምሩና ለ3 አካፍሉ፦ 50 እና 50 እና 88 ሲደመር 188፣ ለ3 ሲካፈል 63 ገደማ። የምንፈልገው ቢያንስ 65 ነው።

መጀመሪያ ጀርሙን ለመለየት ደም ለካልቸር ተወሰደ። ወዲያው ፀረ ተሕዋስያኑ በደም ስር ገባ፤ በዚህ ደረጃ ላለ ሰው በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ከዚያ ፈሳሽ። የተለመደው መነሻ ለ1 ኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ አጎቴ 60 ኪሎ ናቸውና 1800 ሚሊ ሊትር በ3 ሰዓት።

ቤተሰብ እዚህ ላይ «ለምን አትጨምሩም?» ይላል። ግድግዳው ስለሚያፈስ የጨመርነው ወደ ሳንባም ይሄዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከዛምቢያ የወጣ ጥናት ፈሳሽ በብዛት የተሰጣቸው ሕመምተኞች ይበልጥ እንደሞቱ አሳይቷል። አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ስለነበሩ ለሁሉም ሰው በቀጥታ አይሠራም፤ ግን እኛ ከእያንዳንዱ ከረጢት በኋላ ሳንባ የምናዳምጠው ለዚህ ነው።

ፈሳሹ ካለቀ በኋላም አማካዩ 65 አልሞላም። ስለዚህ የላላውን ደም ስር የሚያጠብቀው ኖርአድሬናሊን በጠብታ ተጀመረ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሐኪሙ እግራቸውን ከፍቶ መግል አወጣ። ይህ ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ጊዜ መግዣ ነው፤ ምንጩ ውስጥ እያለ ማንቂያው አይቆምም።

ቱቦ ገብቶላቸው ሽንታቸው በየሰዓቱ ይለካ ነበር። ለ60 ኪሎ ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር እንጠብቃለን። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በየሰዓቱ ከ10 አይበልጥም። ንጋት ላይ 25፣ ረፋዱ ላይ 45። አጎቴ ነቅተው ከረጢቱን ከበን ስናይ አገኙን። «ምን ጉድ ነው የምታዩት?» አሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወጡ። ለሳምንታት ደክሟቸዋል፣ ስም ይጠፋባቸዋል፤ ከሴፕሲስ በኋላ የተለመደ ነው። የግፊት ኪኒናቸው የተመለሰው ግፊታቸው 150 ሲደርስና የኩላሊት ምርመራቸው ሲስተካከል ነው። አሁን ልጅቱ የወትሮውን ግፊት ማስታወሻ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ክሊኒክ ሲሄዱም ደብተሩን ይዘው ይሄዳሉ።