ለተከፋ ሰው «እሺ።» ብሎ መመለስና ሌሎች ስህተቶች

ጓደኛህ እንዲህ ብላ ጻፈችልህ እንበል፦ «ትናንት ሰው ፊት ስትቀልድብኝ በጣም ተከፋሁ። ዝም አልኩ እንጂ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም»። ነገሩን የሚያባብሰው ብዙ ጊዜ የመልሱ አጻጻፍ ነው።

አንድ ቃል ጽፎ በአራት ነጥብ መዝጋት

በቻት መልእክቱን መላክ ራሱ ሐሳቡ ማለቁን ይናገራል። ስለዚህ «ይቅርታ።» ስትል አራት ነጥቡ ትርፍ ይሆንና አንባቢዋ ምክንያት ትፈልግለታለች፤ የምታገኘውም «በቃ፣ ተወኝ» የሚል ነው። በአሜሪካ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት 126 ተማሪዎች በነጥብ የተዘጉ አጫጭር የቴክስት መልሶችን ቅንነት የጎደላቸው አድርገው አንብበዋል። በእጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ግን ያው ነጥብ ለውጥ አላመጣም። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከጻፍክ በመካከላቸው አራት ነጥብ ማድረግ አያስከፋም። ሁልጊዜ በነጥብ የሚጽፍ ሰውም አለ፤ የእሱን «እሺ።» ከመተርጎምህ በፊት የቀድሞ መልእክቶቹን ተመልከት።

የጥያቄ ምልክት መደራረብም እንዲሁ ነው። «ምን አደረግኩ?» ይጠይቃል፣ «ምን አደረግኩ???» ይከራከራል።

በቃል ፋንታ ኢሞጂ መላክ

👍 «ስብሰባው 4 ሰዓት ነው» ለሚል መልእክት ይበቃል። ለተከፋ ሰው ግን «አየሁት» ከማለት አያልፍም። 🙏 ምስጋናም፣ ልመናም፣ ጸሎትም ሆኖ ይነበባል። 😂 እና 😭 ደግሞ በትንሽ ስክሪን ላይ በቀላሉ ይምታታሉ። አንዱ ኢሞጂ በተለያየ ስልክ በተለያየ ሥዕል ስለሚታይ፣ አንተ ያየኸው ፊት እሷ ጋ ላይደርስም ይችላል። መጀመሪያ በቃል ጻፍ፤ ከዚያ ኢሞጂውን አጥፍተህ አንብበው። ሐሳቡ ከጎደለ መጨመር ያለበት ቃል ነው።

የመልሱን ርዝመት አለመመጠን

አጭር መልስ ቸልተኝነት ይመስላል ብለው ብዙዎች ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣሉ፦ «ይቅርታ፣ ግን እንደዛ ማለቴ አልነበረም፣ ሌሎቹም ስቀዋል፣ አንቺም ባለፈው...» እያሉ አሥራ ሁለት መስመር። ይህ ይቅርታ ሳይሆን መከላከያ ነው፤ ስለ እሷ የሚያወራው መስመር አንድ እንኳ የለም። መልሱን ቆራርጦ መላክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ «ይቅርታ» ብለህ ቀጥለህ «ግን» ብቻውን ከላክህ፣ ስልኳ ሳይከፈት ቀድሞ የምታየው «ግን»ን ሊሆን ይችላል።

ለእንዲህ ያለው መልእክት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ያስከፋትን ነገር በስሙ ጥራ፣ ጥፋትህን ተቀበል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ጠይቅ።

«ሰው ፊት መቀለዴ እንዳስከፋሽ ገባኝ። ይቅርታ፣ ልክ አልነበርኩም። ማታ ብደውልልሽ ይመችሻል?»

አሁን ለመመለስ ካልተመቸህ «አንብቤዋለሁ፤ ሥራ ላይ ሆኜ በጥድፊያ መመለስ አልፈልግም፣ ማታ እጽፍልሻለሁ» በል። ማታም ጻፍ፤ ካልጻፍክ ይህኛው መልስ ከ«እሺ።» ይብሳል።